ሳይዋሽ የሚያሳስት ተራኪ እንዴት ይጻፋል?

አንድ የገጠር ሐኪም ስለ አንድ ምሽት ሲተርክ እንዲህ የሚል ነገር ይላል። ደብዳቤዎቹ የመጡት ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ነበር። እኔ ተለይቼው የወጣሁት ለሦስት አሥር ጉዳይ ሲል ነው፤ ደብዳቤው ገና አልተነበበም። እጄን በሩ እጀታ ላይ እንዳደረግሁ አመነታሁ፤ ዞር ብዬ አየሁና ሳላደርግ የቀረሁት ነገር ይኖር ይሆን ብዬ አሰብኩ።

እዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ግን በሃያ ጉዳይና በአሥር ጉዳይ መካከል ሰው ተገድሏል። ገዳዩም ራሱ ተራኪው ነው።

ይህ እ.ኤ.አ. በ1926 የወጣው የአጋታ ክሪስቲ ልቦለድ፣ የሮጀር አክሮይድ ግድያ ነው። መጨረሻውን ሳልናገር ይህን መመሪያ መጻፍ አልችልም። ሳታውቁት ማንበብ የምትፈልጉ ካላችሁ መጽሐፉን አስቀድሙ፤ ይህ ጽሑፍ ይቆያችኋል።

“እኔ” እያለ የሚተርክን ሰው አንባቢ በቀላሉ ያምነዋል። ሌላ ምን አማራጭ አለው? የልቦለዱ ዓለም የሚታየው በዚያ ሰው ዓይን ብቻ ነው። ዌን ቡዝ የተባለው አሜሪካዊ ሐያሲ እ.ኤ.አ. በ1961 ለእንዲህ ያለው ሰው “የማይታመን ተራኪ” የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ። የማይታመንበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ልጅ ስለሆነ አያውቅም፣ ሌላው ራሱን ማየት አይፈልግም፣ ሌላው ደግሞ እያወቀ ይደብቃል። እዚህ የምናየው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ እያወቀ የሚደብቀውን፣ ግን ለአንባቢው በቀጥታ የማይዋሸውን። ለመጻፍ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። አማርኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተሰጡት መሣሪያዎች አሉት፤ ወደ እነሱ እንደርሳለን።

ለመለማመጃ የራሳችንን ታሪክ እንያዝ። አንድ ወጣት አዲስ አበባ ይኖራል። ታላቅ እህቱ ዱባይ ናት። እናታቸው አገር ቤት ታማለች። እህት እናቷን ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ እንዲያሳክማት 60 ሺህ ብር ትልክለታለች። እናት ሳትታከም ትሞታለች። ወንድም ከዐርባው በኋላ ለእህቱ የሆነውን ሁሉ ይተርክላታል።

መጀመሪያ፦ እውነቱን ለብቻው ጻፉ

ተራኪው አፉን ከመክፈቱ በፊት እናንተ የሆነውን በሙሉ ማወቅ አለባችሁ። ደብተር አውጡና ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ በኩል የሆነውን በቀንና በሰዓት ጻፉ። የቀኙን ለጊዜው ባዶ ተዉት፤ በኋላ ተራኪው ስለዚያው ሰዓት የሚለውን ትጽፉበታላችሁ።

የእኛ ታሪክ ግራ ገጽ ይህን ይመስላል። ማክሰኞ ብሩ ደረሰ። ረቡዕ ወንድም ብሩን አውጥቶ ለባጃጅ ቅድሚያ ከፈለ። ሐሙስ ባጃጇን ተረከበ፤ ቀኑን ሙሉ ሲለማመድ ዋለ። ዓርብ ማታ እናት ወደቀች። ቅዳሜ ተደወለለት። እሁድ ማለዳ ሲደርስ እናት ሌሊት ዐርፋለች። ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነበር፤ አውቶቡስ ግን አንድም ቀን አልቆመም።

ዝናቡን ልብ በሉት። ለታሪኩ የሚያስፈልግ አይመስልም። ወንድም የሚደበቅበት ግን እሱን ነው። ግራውን ገጽ ስትሞሉ ከጥፋቱ ጎን እውነት የሆነ ሌላ ነገር ሁልጊዜ ፈልጉ። የክሪስቲ ሐኪም የሚደበቅበት እውነት ደብዳቤው ነው። ሟቹ ደብዳቤውን በእርግጥ አንብቦ አልጨረሰም፤ ብቻዬን ላንብበው ብሎም በእርግጥ እንቢ ብሏል። አንባቢው ዓይኑን ከደብዳቤው ላይ አይነቅልም። ሰዓቱን የሚያየው የለም።

ሁለተኛ፦ ለማን ነው የሚያወራው?

ሰው በባዶ ሜዳ አይደብቅም። ከአንድ ሰው ነው የሚደብቀው። ሐኪሙ ትረካውን የጀመረው መርማሪው ፖይሮ ያልተሳካለትን አንድ ጉዳይ መዝግቦ ለማስቀረት ብሎ ነው። ስለዚህ ሰነድ ጸሐፊ ይመስላል፤ ሰዓት ይጠቅሳል፣ ማን የት እንደቆመ ይናገራል። ይህ ሁሉ ታማኝ ያስመስለዋል።

የእኛ ወንድም የሚያወራው ለእህቱ ነው። “እታለም” እያለ። ይህ አንድ ምርጫ ቋንቋውን ሁሉ ይወስንለታል። እህቱ አገሩን ስለምታውቅ ስለ መንገዱ ማብራራት አይጠበቅበትም፤ “ታውቂዋለሽ” ብሎ ያልፋል። ያደገችበትን ቤት ስለምትወድ በትዝታ ሊያባብላት ይችላል። ብሩን የላከችው እሷ ስለሆነች ስለ ብሩ ጨርሶ ዝም ማለት አይችልም፤ የሆነ ነገር ማለት አለበት። የሚንሸራተተውም እዚያ ላይ ነው።

ሦስተኛ፦ አስቀድማችሁ አሳምኑት

ከመጀመሪያዎቹ ገጾች በአንዱ ተራኪው ትንሽ ጥፋት ይናዘዝ። “ስልክሽን ሁለቴ እያየሁ ሳላነሳ ቀርቻለሁ፤ አልዋሽሽም፣ ጥፋቴ ነው።” ትንሹን የተናዘዘ ትልቁን አይደብቅም ብሎ አንባቢ ያስባል። ሁላችንም እንዲህ ነን። ኑዛዜው ግን እውነት ይሁን፤ እንዲያውም ከተደበቀው ነገር ጋር ይያያዝ። ስልኩን ያላነሳው ሐሙስ ከሆነ፣ ታሪኩ ሲያልቅ ይህች ዐረፍተ ነገር ሌላ ፊት ታሳያለች።

አራተኛ፦ ቀዳዳውን በሰዋስው ሸፍኑት

የሥራው እምብርት ይህ ነው። መጀመሪያ የተበላሸውን እንይ፦

“ረቡዕና ሐሙስ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር መምጣት አልቻልኩም።”

ይህ ውሸት ነው። መንገዱ አልተዘጋም። አንባቢ በኋላ እውነቱን ሲያውቅ “ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ? ዋሽቶኝ ነው” ይላል፤ መጽሐፉንም ይዘጋል። የተታለለ ሳይሆን የተዘረፈ ያህል ነው የሚሰማው። አሁን ይህን እዩት፦

“ብሩ ማክሰኞ ደረሰኝ፣ እታለም። ያን ሳምንት ዝናቡ ቀንና ሌሊት ሳያባራ ሰነበተ። ድልድዩን ውሃ ሞልቶታል አሉ። የእኛ አገር መንገድ ክረምት ሲገባ ምን እንደሚሆን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ስንቴ ጭቃ ላይ አድረናል። ብሩም ከባንክ ወጥቶ፣ የሚከፈለው ተከፍሎ፣ እሁድ ማለዳ እማዬ ደጅ ደረስኩ።”

እያንዳንዱን ቃል ከግራው ገጽ ጋር አስተያዩት። ሁሉም እውነት ነው። ይህን ያነበበ ሰው ግን “ዝናቡ መንገድ ዘግቶበት ዘገየ፤ ብሩንም ለሕክምናው ከፈለ” ብሎ ይምላል። ማንም እንዲህ አላለውም። ራሱ ነው የሠራው።

እንዴት ሆነ? አራት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው “ወጥቶ፣ ተከፍሎ፣ ደረስኩ” የሚለው ሰንሰለት ነው። በአማርኛ እንዲህ ስንደረድር በአንዱና በሌላው መካከል ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ አንናገርም። አምስት ደቂቃም አራት ቀንም እኩል ይገባል። ከዚህም በላይ ሰንሰለቱ ምክንያትን ሹክ ይላል። “ዝናብ ዘንቦ ቀረሁ” ሲባል ማንም ሰው “ዘንቦ” የሚለውን “ስለዘነበ” ብሎ ነው የሚሰማው። “ስለ” የሚለውን ግን ተራኪው አላወጣውም። ከአፉ ያልወጣ ቃል አያስጠይቀውም።

ሁለተኛው “ተከፍሎ” ነው። ማን ከፈለ? ለማን? ለምን? “ተ” ሁሉንም ዋጠቻቸው። ቤት ውስጥ ብርጭቆ የሰበረ ልጅ “ሰበርኩት” አይልም፤ “ተሰበረ” ይላል። ይህን ዘዴ ሁላችንም በልጅነታችን ተምረነዋል።

ሦስተኛው “አሉ” ነው። “ድልድዩን ውሃ ሞልቶታል አሉ።” ያለ ሰው በእርግጥ አለ፤ መናኸሪያ አካባቢ ወሬው ነበር። ተራኪው ግን ሄዶ አላየም፤ አየሁም አላለም። አንባቢ ከጥቂት ገጽ በኋላ “አሉ” የምትለዋን ረስቶ ውሃ የሞላውን ድልድይ ብቻ ይዞ ይቀራል።

አራተኛው የሁልጊዜውን እውነት በዚያ ሳምንት ቦታ ማስቀመጥ ነው። “መንገዱ ክረምት ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ” የሚለው ስለ ክረምት ሁሉ ነው፤ ስለዚያ ሐሙስ ምንም አይልም።

አራቱንም አንድ አንቀጽ ውስጥ የከመርኳቸው እንዲታዩ ብዬ ነው። በእውነተኛ ጽሑፍ ሁለቱ ይበቃሉ። በተለይ “አሉ” በየገጹ ከተደጋገመ አንባቢ ይነቃል።

ክሪስቲም በራሷ ቋንቋ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ሬሳው ተገኝቶ አሳላፊው ለፖሊስ ሊደውል ሲወጣ፣ ሐኪሙ ለአፍታ ብቻውን ይቀራል። ስለዚያች አፍታ የሚለው መደረግ ያለበትን ትንሽ ነገር አደረግሁ የሚል ብቻ ነው። አንባቢ የሐኪም ሥራ ይመስለዋል። ሐኪሙ ያደረገው ግን ድምፅ መቅጃውን ቦርሳው ውስጥ መክተትና ወንበሩን ወደ ቦታው መመለስ ነበር። ቀደም ሲል ሰዎች ከክፍሉ ውጭ ሆነው የሟቹን ድምፅ የሰሙት ከዚያ መቅጃ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከወጣ በኋላም ሰውዬው በሕይወት ያለ መስሏቸዋል። ወንበሩ ደግሞ መሣሪያው ከበሩ በኩል እንዳይታይ ጋርዶታል።

እዚህ ላይ አንድ ገደብ አለ። ይህ ሁሉ የሚያስኬደው ተራኪው ነገሩ ካለፈ በኋላ ሲተርክ ነው። ያኔ ምን ልናገር፣ ምን ልተው ብሎ የሚመርጥ ሰው ነው። ታሪኩን በአሁን ጊዜ፣ ሐሳቡ እንደመጣለት የምትጽፉ ከሆነ ግን ዝምታው አያሳምንም። ባጃጅ እየነዳ ያለ ሰው በውስጡ ስለ ዝናብ ብቻ አያስብም። የሰውየውን ጭንቅላት ከፍታችሁ ካስገባችሁን በኋላ አንዱን ክፍል መቆለፍ ማጭበርበር ነው።

አምስተኛ፦ እውነቱን ከሌላ ሰው አፍ አውጡት

ፍንጭ ካልተዋችሁ መጨረሻው ዱብ ዕዳ ይሆናል። ፍንጩን ተራኪው ራሱ ማቀበል አለበት፤ ትርጉሙ ሳይገባው ወይም የሚያልፍለት መስሎት። ለዚህ ከሁሉም የሚሻለው መንገድ ሌላ ሰው የተናገረውን በትክክል እንዲያደርስ ማድረግ ነው።

ከዚህ ዓይነቱ የማልረሳው ካዙኦ ኢሺጉሮ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ልቦለድ ውስጥ ያለው ነው። ተራኪው ስቲቨንስ የአንድ እንግሊዛዊ ጌታ ቤት የአሳላፊዎች አለቃ ነው። ትልቅ የእንግዶች ስብሰባ ላይ እያለ አባቱ ፎቅ ላይ ይሞታል። እሱ ማሳለፉን ይቀጥላል። ስለ ስሜቱ አንድ ቃል አይተነፍስም። ግን ጌታው ጠጋ ብሎ የምታለቅስ ትመስላለህ ይለዋል። እንባውን የምናውቀው ከዚያ ብቻ ነው። ስቲቨንስ ሰዎችን የሚያሳስተው እንደ ሐኪሙ በተንኮል አይደለም፤ ራሱንም ነው የሚያሳስተው። መሣሪያው ግን አንድ ነው። ተራኪው የሌላውን ሰው ንግግር ሳይሸራርፍ ያቀብላል፤ አንባቢ ከተራኪው ትከሻ በላይ አሻግሮ ያያል።

የእኛ ወንድም ለቅሶ ቤት ነው። እንዲህ ይበል፦

“መሐረብ ሳወጣ ከኪሴ ቁልፍ ወደቀ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ አንሥተው ሰጡኝ። ‘የምን ቁልፍ ነው ልጄ?’ አሉኝ። ‘የጓደኛዬ ነው’ አልኳቸው። ንፍሮ አቀረቡልኝ። የእሳቸው ልጅ ሐሙስ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ አይቷቸው፣ ዓርብ መመለሱን ነገሩኝ። ‘ምነው ያኔ አብራችሁ በመጣችሁ ኖሮ!’ አሉ። ለቅሶ ላይ ሰው የሚለውን አያውቅም። ደግሞ አስካለ ድሮም ወሬ ትወዳለች።”

ሐሙስ አውቶቡስ እንደነበረ እዚህ ተነግሯል። አንባቢው ግን ሐዘን ውስጥ ስለሆነ ያልፈዋል። ቁልፉም ወድቋል። “የጓደኛዬ ነው” ማለቱ ውሸት ነው፤ ግን የተዋሸው ለእትዬ አስካለ እንጂ ለአንባቢ አይደለም። መስመሩን እዚህ ላይ አስምሩ፦ በጥቅስ ውስጥ ለሌላ ገጸ ባሕርይ መዋሸት ይችላል፤ ከጥቅስ ውጭ ለአንባቢ አይችልም።

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ደግሞ ድገሟት። “እትዬ አስካለ ሰጡኝ፣ አቀረቡልኝ፣ ነገሩኝ” ሲል ቆይቶ በአንዴ “አስካለ ትወዳለች” አለ። አንቱታው ተነሣ። ሴትየዋ ምንም አላጠፉም፤ ሐሙስን ጠሩበት እንጂ። እናቱን በምታህል ሴት ላይ ተራኪው ለምን ተናደደ? ይህን ፍንጭ የሚሰጠን የአማርኛ አክብሮት ነው። ከአንድ ጊዜ በላይ ግን አትጠቀሙበት። ሲደጋገም የጸሐፊው የአርትዖት ስሕተት ይመስላል።

ሌላው የፍንጭ ዓይነት ሒሳብ ነው። ሐኪሙ ከሟቹ ቤት የወጣው ለሦስት አሥር ጉዳይ ላይ ነው ይላል። የግቢው በር ጋ ሲደርስ ሦስት ሰዓት ይደውላል። መንገዱ ግን የአምስት ደቂቃ ነው። ቀሪዋ አምስት ደቂቃ የት ገባች? በመስኮት ተመልሶ ገብቶ በሩን ከውስጥ ሲቆልፍ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች በገጹ ላይ በግልጽ ተቀምጠዋል። የቀነሰ አንባቢ ይደርስበታል።

ስድስተኛ፦ በሁለት ሰው ፈትኑት

ጽሑፉን ለሁለት ሰዎች ስጡ፤ ስለ ተራኪው ምንም አትንገሯቸው። መሐል ላይ አስቁሟቸውና “ከማክሰኞ እስከ እሁድ ምን ሆነ?” ብላችሁ በጽሑፍ እንዲመልሱ ጠይቁ። “ወደዳችሁት ወይ?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ አይጠቅማችሁም። “ዝናብ አዘገየው” ብለው ከጻፉ ሽፋኑ ሠርቷል። “ብሩን ምን አደረገው?” ካሉ ቀዳዳው ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ተራኪው ስለ ብሩ አብዝቶ መናገሩ ነው። የሚደብቅ ሰው ከዝምታ ይልቅ በማብራሪያ ነው የሚጋለጠው። እኔም የመጀመሪያ ሙከራዬን ለወዳጄ ሳስነብብ ሦስተኛው ገጽ ላይ “ይሄ ሰውዬ ምነው ዝናብ ዝናብ አለ?” አለችኝ። ከአምስቱ ዝናብ አራቱን አወጣሁ።

ጨርሰው ካነበቡ በኋላ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ከመጀመሪያው እንዲደግሙት ለምኗቸው። እውነቱን እያወቁ “ይህ ውሸት ነበር” የሚሉትን ከጥቅስ ውጭ ያለ ዐረፍተ ነገር ሁሉ ያስምሩበት። አንድ እንኳ ከተሰመረ እሱን እንደገና ጻፉት። የአክሮይድ ግድያ ሲወጣ ተታለልን ያሉ አንባቢዎች ነበሩ። ሐኪሙ ግን በመጨረሻው ምዕራፍ የራሱን ዐረፍተ ነገሮች መልሶ እየጠቀሰ የቱ ጋ ምን እንደዘለለ ያሳያል። ይህን ማድረግ የቻለው አንዱም ስላልዋሸ ነው።

አሁን የቀረው የቀኙ ገጽ ነው። ተራኪው ያለውን በየሰዓቱ ትይዩ ሙሉ። ረቡዕና ሐሙስ ላይ ስትደርሱ የምትጽፉት አይኖራችሁም። ታሪኩ የሚዘጋው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ወንድም ራሱ ተነሥቶ እንዲናዘዝ አታድርጉ፤ እህቱ ትድረስበት። ክስ አያስፈልጋትም። ዐርባውን፣ ንፍሮውን፣ የእናታቸውን የመጨረሻ ቃል፣ ሁሉንም አዳምጣ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀው፦

“ሐሙስ ስደውልልህ የት ነበርክ?”